የልጄ መዝገብ ላይ የአያቱ ስም ሰረዝ ነበር፦ ለጽሕፈት ቤቱ እንዴት እንደጻፍኩ

በልጄ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ «የአያት ስም» በሚለው ቦታ አንዲት ሰረዝ አለች። ልብ ያልኳት ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

ወረቀቱን በ2010 ዓ.ም. ስቀበል ያየሁት ስሙን፣ የተወለደበትን ቀንና ማህተሙን ነበር። ፕላስቲክ ውስጥ ከትቼ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ ማን ያነበዋል? ልጁ አድጎ ስድስተኛ ክፍል ደረሰና በ2017 ለክልል ፈተና ሊመዘገብ ሲል የክፍል ኃላፊው ደወለልኝ። «የአንዋር ወረቀት የአያት ስም የለውም። ፎርሙ ሦስት ስም ነው የሚጠይቀው፤ ሰረዝ ልሞላ አልችልም» አለኝ። (የሁላችንንም ስም ቀይሬያለሁ። ቀበሌውንም አልጠራም፤ ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነውና።)

መጀመሪያ እንዴት እንደተፈጠረ ልንገራችሁ። ባለቤቴ ሹፌር ነው። ከኮምቦልቻ ጅቡቲ ይመላለሳል። ልጁን ለኬጂ ለማስመዝገብ የልደት ወረቀት ስንጠየቅ እሱ መንገድ ላይ ነበር። የመታወቂያውን ኮፒ ይዤ ብቻዬን ቀበሌ ሄድኩ። ሰልፍ ነበር፣ ብርድ ነበር፣ የጦሳ ጉም እስከ መስኮቱ ወርዷል። ጸሐፊው ቀና ሳይል «የልጁ ስም?» አለኝ። «አንዋር ሰይድ» አልኩት። እኛ ሰፈር ልጅን በሦስት ስም የሚጠራ የለም። እሱም ያልኩትን ጻፈ፤ የአያት ስም የሚለውን ግን አልጠየቀኝም፣ በሰረዝ አለፈው። እኔም ሳላነብ ፈረምኩ።

ከክፍል ኃላፊው ስልክ በኋላ በማግስቱ አንድ ኮምፒውተር ቤት ገባሁ። እዚያ የሚጽፈው ልጅ «የልጄን ስም ስለመቀየር» የሚል ዝግጁ ማመልከቻ ነበረው። ስም ብቻ አስገብቶ አተመልኝ። ይዤው ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ፤ ድሮ የልደት ወረቀት የሚሰጠው እዚያ ነበርና። እዚያ ደግሞ ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ምዝገባው በወሳኝ ኩነት በኩል መሆኑንና መዝገቡ የሚገኘው ልጁ የተመዘገበበት ቀበሌ መሆኑን ነገሩኝ። ቀበሌ ስደርስ የክብር መዝገብ ሹሟ ርዕሱን ብቻ አነበበች። «እህቴ፣ የስም ለውጥ የፍርድ ቤት ነው። ውሳኔ ይዘሽ ነይ» አለችና መለሰችልኝ። ከመስኮቱ ራቅ ስል አልቅሼ ነበር። ፈተናው እየደረሰ ፍርድ ቤት ልከርም ነው? ባለቤቴ የት ተገኝቶ ይቀርባል?

ማታ ለጎረቤታችን ነገርኩት። ጋሼ መዝገብ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ምስክር ወረቀቱን መብራት ስር አነበቡት። የልጁን ስም አልፈው ወደታች ወረዱ። ጣታቸው «የአባት ሙሉ ስም» የሚለው መስመር ላይ ቆመ።

«ይኸን አንብቢው።»

«ሰይድ መሐመድ አሊ።»

«ታዲያ የአንዋር አያት ማን ነው?»

አንድ ወረቀት ላይ፣ ሰረዟ ካለችበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የአያቱ ስም ተጽፏል! ጸሐፊው የአባትየውን ስም ከመታወቂያው ስለገለበጠ ሦስቱንም አስገብቷል። የልጁን ከኔ አፍ ስለሰማ ሁለት ብቻ ጽፏል። ጋሼ «አንቺ ስም ለውጡልኝ ብለሽ አትጠይቂም። እዚያው መዝገብ ላይ ያለ ስም ቦታው ላይ ሳይሞላ ቀርቷል፣ ይሟላልኝ ነው የምትይው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ያለው ነገር ሁሉ ከዚህች አንድ አነጋገር የመጣ ነው።

ቢሮ ውስጥ ማመልከቻን መጀመሪያ የሚያነበው ሰው ርዕሱን ነው የሚያየው። ርዕሱ ወረቀቱ ወዴት እንደሚመራ ይወስናል። «ለውጥ» ካልሽ ያለው ስም ጠፍቶ ሌላ ይተካ ማለት ነው፤ ያን የሚወስነው ዳኛ ነው። «ሳይሞላ የቀረ» ካልሽ ደግሞ ሹሟ መዝገቡን አውጥታ ልታየው ትችላለች። እርግጥ ሁሌ ይሠራል ማለት አይደለም። የአባትየው መስመርም ባዶ ቢሆን፣ ወይም የተጻፈው አያትና አንቺ የምትይው አያት የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑ፣ ወይም አባትነቱ ላይ ጭቅጭቅ ቢኖር፣ የቃላት ምርጫ አያድንም። ያ ፍርድ ቤት ነው። የኔ ጉዳይ ግን ከመዝገቡ ራሱ የሚታይ ነበር።

ጋሼ የኮምፒውተር ቤቱን ማመልከቻ በእርሳስ ሰረዙት። እኔ ደግሞ በራሴ እጅ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሬበት ነበር፤ «በሠራተኛው ቸልተኝነት ምክንያት» የሚል። እሱንም አጠፉት። «እውነት ቢሆንም አይጻፍም። ቸልተኝነት ካልሽ ቅሬታ ሆነ። ቅሬታ ሌላ ክፍል ነው የሚሄደው፤ መጀመሪያ ማን ጥፋተኛ ነው ሲባል ይከርማል። አንቺ የምትፈልጊው ስሙን ነው ወይስ ሰውየውን?» ስሙን ነው አልኳቸው። ሰውየውም ከዚያ ቀበሌ ከተዛወረ ቆይቷል።

እንዲህ አድርገን ጻፍነው። እንዳለ ላስቀምጠው፤ የምትገለብጡ ካላችሁ ነጥቦቹን በራሳችሁ ሙሉት።

ቀን፦ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት
ደሴ

ጉዳዩ፦ በልጄ የልደት መዝገብ ላይ ሳይሞላ የቀረ የአያት ስም እንዲሟላልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ወ/ሮ ዘይነብ አህመድ እንድሪስ፣ በደሴ ከተማ በቀበሌ ...... የቤት ቁጥር ...... ነዋሪ ስሆን፣ የሕፃን አንዋር ሰይድ ወላጅ እናት ነኝ።

የልጄ ልደት በቀበሌ ...... በ2010 ዓ.ም. በቅጽ ልዩ መለያ ቁጥር ............ ተመዝግቦ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኛል። በምዝገባው ወቅት የልጁ ስምና የአባቱ ስም የተጻፈ ሲሆን፣ የአያቱ ስም የሚሞላበት ቦታ ሳይሞላ በሰረዝ ታልፏል። በዚሁ መዝገብ «የአባት ሙሉ ስም» በሚለው ቦታ ግን የልጁ አባት ሙሉ ስም ከነአያቱ ተጽፎ ይገኛል። ከዚህም የልጁ አያት ስም በግልጽ ይታያል።

የልጄንም ሆነ የአባቱን ስም ለመለወጥ አልጠየቅኩም። ልጄ በያዝነው ዓመት የስድስተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የሚወስድ በመሆኑና ትምህርት ቤቱ ሙሉ ስሙን ከነአያቱ ስለሚፈልግ፣ ጽሕፈት ቤቱ መዝገቡን አይቶ የአያቱን ስም በቦታው እንዲያሟላልኝና የተስተካከለ የምስክር ወረቀት እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አባሪ፦ የልደት ምስክር ወረቀት ኮፒ 1 ገጽ፣ የአባት መታወቂያ ኮፒ 1 ገጽ፣ የእናት መታወቂያ ኮፒ 1 ገጽ፣ የጋብቻ ማስረጃ ኮፒ 1 ገጽ፣ ከትምህርት ቤት የተጻፈ ደብዳቤ 1 ገጽ

ከሰላምታ ጋር
አመልካች፦ ዘይነብ አህመድ እንድሪስ      ፊርማ ............
በጥያቄው መስማማቴን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ፤ አባት፦ ሰይድ ...... አሊ      ፊርማ ............
ስልክ ............

አንድ ገጽ እንኳን አልሞላም። መጀመሪያ የወረቀቱ ማነስ ከብዶኝ ነበር፤ ስለ ባለቤቴ ሥራ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ልጁ ጉብዝና ሁሉ ልጨምር ነበር። ጋሼ አልፈቀዱም። የቅጹ ቁጥር ግን ከሁሉም በላይ አስፈላጊ ነው ብለው ከወረቀቱ አናት ላይ ሁለቴ እንድገለብጠው አደረጉኝ። በኋላ ገባኝ። ደሴ በ2014 ጦርነት ጊዜ ብዙ መሥሪያ ቤት ተዘርፏል፤ ብዙ ወረቀት ሜዳ ላይ ተበትኗል። ልጄ ክትባት የወሰደበት ጤና ጣቢያ ካርዱ የለም። መዝገቡ ይገኝ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ሹሟ ግን ቁጥሩን ይዛ መደርደሪያው ዘንድ ሄደችና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አወጣችው። ቁጥር ሳይኖራቸው በስም ብቻ የመጡ ሰዎች «ነገ ተመለሱ» እየተባሉ ነበር።

በአባትየው ስም መስመር ላይ መሐሉን በነጥብ የተውኩት ለወግ አይደለም። አንድ ሙሉ ሳምንት የፈጀብኝ እሱ ነው።

ባለቤቴ ለፊርማው አንድ ቀን ከመንገድ ሲመለስ ደሴ ወጣ። የፋይዳውን ካርድ አየሁት። «ሰይድ ሙሐመድ አሊ» ይላል፤ በ«ሙ»። የልጁ መዝገብ ላይ ያለው «መሐመድ» ነው፤ በ«መ»። የጋብቻ ወረቀታችን ደግሞ «ሙሀመድ» ይላል፤ በ«ሙ»፣ ግን በሃሌታው «ሀ»። ሦስት ወረቀት፣ ሦስት አጻጻፍ፣ አንድ ሽማግሌ።

ለእኛ ለወሎዎች ይህ ምንም አይደለም። አንዱን ሰው ሙሐመድም መሐመድም እንለዋለን፤ አንዳንዴም «መመድ»። ሹሟ ግን እንዲህ አስረዳችኝ፦ የ«ሐ» እና የ«ሀ» ልዩነት በእጅ ጽሑፍ ዘመን ማንንም አያስቸግርም፤ ድምፁ አንድ ስለሆነ ብዙም አትገታሽም። «ሙ» እና «መ» ግን ሲነበብም ይለያል። ያው ሰው ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ሰውም ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ሁለቱም ልዩነት ያው ነው፤ ለእሱ «ሐ» ያለበትና «ሀ» ያለበት ስም ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ዛሬ «መሐመድ» ብላ ብትሞላልኝ፣ ነገ ልጁ ፋይዳም ፓስፖርትም ሊያወጣ ሲሄድ ከአባቱ ጋር አይገጥምም። እንደገና እኔው ነኝ የምመላለሰው።

ስለዚህ የትኛው ይጻፍ? ጋሼ «በመዝገቡ ያለውን ጻፊ፣ ጥያቄሽ ከመዝገቡ ይወጣል ብለሻልና» አሉ። ሹሟ ደግሞ «አባትየው አሁን የሚጠቀምበትን አድርጊ» አለች። በመጨረሻ የሹሟ አሸነፈ፤ ልክም ነበረች ብዬ አምናለሁ። ግን ይህ ማለት ጥያቄው ሁለት ሆነ ማለት ነው። የልጁ አያት ስም ይሟላል፤ የአባትየው መስመር ላይ ያለችው «መ» ደግሞ ወደ «ሙ» ትታረማለች። ማመልከቻው ላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ «በመዝገቡ የአባት ሙሉ ስም ላይ ‹መሐመድ› ተብሎ የተጻፈው፣ ከመታወቂያው ጋር እንዲገናዘብ ‹ሙሐመድ› ተብሎ እንዲታረምልኝ።» ነጥቡንም በ«ሙሐመድ» ሞላሁት።

ለፊደል እርማቱ ሹሟ ሌላ ማስረጃ ፈለገች። መሐመድና ሙሐመድ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ይቅረቡ፣ ወይም የሰውየው የራሳቸው ማስረጃ ይምጣ አለች። አማቴ በሕይወት አሉ፤ ሐይቅ ነው የሚኖሩት። ደወልኩላቸው።

«አባባ፣ መታወቂያዎን ይዘው ደሴ ይምጡልኝ።»

«ምን ሆናችሁ?»

«የአንዋር ወረቀት ላይ የእርስዎ ስም የለም።»

ዝም አሉ። ከዚያ «ሰባት ዓመት ሙሉ ዘላችሁኝ ኖራችኋል በይኛ!» አሉና ሳቁ። በነጋታው ማለዳ ከሐይቅ በሚኒባስ መጡ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ መታወቂያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ከጨርቁ ውስጥ ሌላ ያረጀ መታወቂያ ደርበው ነበር። አዲሱም አሮጌውም «ሙሐመድ አሊ» ይላል። ሹሟ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ ከባለቤቴ ፋይዳ ጋር አገናዘበች። ሦስት ምስክር ሳያስፈልግ ቀረ። «ባለቤቱ ራሱ ከመጣ ምን ምስክር እንፈልጋለን» አለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አያትየው በሕይወት ከሌሉ ቀድማችሁ የልጁን አባት የድሮ ወረቀቶች ሰብስቡ። የትምህርት ቤት ካርድ፣ የድሮ የቀበሌ መታወቂያ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ መንጃ ፈቃድ፣ ምንም ይሁን። ሁሉም ላይ ስሙ አንድ ዓይነት የሚገኝበትን ፊደል ፈልጉና እሱን ያዙ። ማመልከቻውን ከመጻፋችሁ በፊት ይህን ብታደርጉ እንደኔ ሁለት ጊዜ አትጽፉም። እኔ ሁለተኛ ጊዜ ስጽፍ ኮፒው፣ ፊርማው፣ የባለቤቴ ከጅቡቲ መልስ መጠበቁ ሁሉ እንደገና ተጀመረ።

ማስገባቱ ራሱ ቀላል ነው፤ ግን ሥርዓት አለው። ሁለት ኮፒ አድርጌ ሄድኩ። አንዱን መዝገብ ቤት ተቀበለች፣ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ጽፋ ማህተም መታችልኝ። ይህ የኔ ኮፒ ነው። ከዚያ በኋላ ስሄድ «ማመልከቻዬ የት ደረሰ?» አልልም፤ «የገቢ ቁጥሩ ይህ ነው» እላለሁ። ኃላፊው ማመልከቻው ጠርዝ ላይ በእጁ «ለ... መዝገቡ ታይቶ ይፈጸም» ብሎ መራው። ምሪት የሚባለው ያ ነው። ምሪት የሌለበት ወረቀት ላይ ማንም አይሠራም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ አምስት ቀን ቢተኛ የመጀመሪያው ጥያቄ «ተመርቷል ወይ?» ነው። የኔው ተመርቶ ሌላ ፋይል ስር ገብቶ ነበር። ቁጥሩን ስላሳየሁ ወዲያው ተገኘ።

አርብ ለት አትሂዱ። ለጁምዓ ከአምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይወጣሉ፣ እስከ ሰባት ተኩል የለም። እኔ በአርብ አራት ሰዓት ተኩል ደርሼ ሰልፉ ሳያልቅ ተዘጋብኝ።

ዋናው ወረቀት ለማንም አይተውም። አሳዩ፣ ኮፒው ከዋናው ጋር መገናዘቡ ይጻፍበት፣ ዋናውን ተቀብላችሁ ውጡ። የልደት ምስክር ወረቀቱን ዋና ብቻ የሰጠሁት አዲሱ ሊታተም በተዘጋጀበት ዕለት ነው፤ አሮጌው ይመለሳል፣ በሁለት ወረቀት መኖር አይቻልም።

መሐል ላይ ልስት የነበረበትን አንድ ነገርም ልንገራችሁ። አንዱ ጠዋት ደጃፍ ላይ አንድ ሰው (ሠራተኛ ይሁን ደላላ አላወቅኩም) ወረቀቱን አየና «ይህቺ ሰረዝ ናት ያደከመችሽ? በእስክሪብቶ ልሙላልሽ፣ ማህተም የሚመታልሽ ሰው አለኝ» አለኝ። ደክሞኝ ስለነበር ልቤ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ግን አስቡት። ስርዝ ድልዝ ያለበትን ምስክር ወረቀት ማንም አይቀበልም። ቢቀበልም መዝገቡ ላይ ሰረዟ እንዳለች ናት። ነገ ከመዝገቡ ሌላ ቅጂ ስትጠይቂ የሚታተመው ከነሰረዟ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ በእጅሽ ያለው ወረቀት የተጭበረበረ ይሆናል። ወረቀቱ የመዝገቡ ልጅ ነው፤ እናቲቱ ሳትታረም ልጁን ብታርሚው ምን ይረባል?

ለዚህ ነው አዲሱ ወረቀት ከመታተሙ በፊት «መዝገቡን ልየው» ያልኩት። ሹሟ አልከለከለችኝም። ዞር አድርጋ አሳየችኝ። የልጁ መስመር ላይ ሰረዟ አለች፣ አልጠፋችም፤ ከጎኗ ግን በማመልከቻው ቁጥርና ቀን «የአያት ስም ሙሐመድ በሚል ተሟልቷል» ተብሎ ተጽፎ ተፈርሞበታል። የአባትየውም መስመር እንዲሁ። መጀመሪያ ሰረዟን ፍቀው የሚያጠፏት መስሎኝ ነበር። መዝገብ ላይ እንደማይጠፋ፣ ከጎኑ እንደሚጻፍ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

የካቲት 11 አዲሱን ወረቀት ለመቀበል ሄድኩ። ረመዳን ሳይገባ እንዲያልቅ ጓጉቼ ነበር። ከመፈረሜ በፊት እዚያው መስኮቱ ላይ ቆሜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ከኋላዬ ያለው ሰው እያጉረመረመ ነበር፤ ይቅርታ ጠየቅኩና ቀጠልኩ። አማርኛው ልክ ነው። እንግሊዝኛው ላይ ስደርስ ግን የባለቤቴ የአባት መስመር በአንድ አጻጻፍ፣ የልጄ አያት መስመር በሌላ አጻጻፍ ሆኗል! አንዱ ስም፣ በአንድ ወረቀት ላይ፣ ሁለት ፊደል ተለያይቶ። አማርኛውን ሳርም ሳርም እንግሊዝኛውን ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

የባለቤቴን ፓስፖርት ኮፒ በስልኬ ይዤ ስለነበር አሳየኋት። «ይህን ብትገለብጪልኝ» አልኳት። ሹሟ ተነፈሰች፣ ግን ሰረዘችውና እንደገና አተመችው፤ ማህተሙና ቲተሩ ገና አልተመታምና ቀላል ሆነ። ቢመታ ኖሮ ሌላ ዙር ነበር። ስለዚህ ከማመልከቻው ጋር የአባትየውን ፓስፖርት ኮፒ አያይዙ፣ ወይም የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ በአንድ መስመር ጽፋችሁ ስጡ። እኔ በደብዳቤዬ ውስጥ የጎደለኝ ይህ ብቻ ነው።

ቀጥታ ወደ ትምህርት ቤት ወሰድኩት። የክፍል ኃላፊው ሮስተሩ ላይ ሦስተኛውን ስም በእርሳስ ጻፈ፣ ከአዲሱ ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል እያየ፤ ከዚያ በእስክሪብቶ ደገመው። ኮፒውን ፋይሉ ውስጥ አስገባ፣ አሮጌውን ኮፒ አውጥቶ መለሰልኝ። አማቴ ያን ዕለት ደውለው «ገባሁ?» ብለው ጠየቁኝ። «ገብተዋል አባባ፣ በሙ ነው» አልኳቸው።